ላም አትጾምም፦ የአንድ ወተት ቤት የአሥራ ሁለት ወር የገንዘብ ፍሰት

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚፈልገው፣ ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት አዘጋጅቶ አስገብቶ ከዚያ በኋላ የማይመለስበት ወረቀት፤ የአሥራ ሁለት ወር የገንዘብ ፍሰት ትንበያ። ዓላማዬ ወረቀቱን እንዴት እንደምትሞሉ ማሳየት ብቻ አይደለም። አትራፊ የሆነ ድርጅት በየትኛው ወር እጁ ባዶ እንደሚቀር ይህ ወረቀት አስቀድሞ እንዴት እንደሚናገር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ወሩ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚገምተው አይደለም።

ንግግሬ በአንድ ምሳሌ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ድርጅቱንና የሽያጩን ወቅት አስተዋውቃችኋለሁ። ቀጥሎ ገንዘቡን በየወሩ እንከተላለን። ከዚያ ወደ ብድሩ አለቃቀቅ እናልፋለን። በመጨረሻም ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የምንለው የገንዘብ ወለል እንዴት እንደሚሰላና መቼ እንደሚጮኽ እንመለከታለን።

ምሳሌው በምናብ የተሠራ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። ሁለት እኅትማማቾች ሱሉልታ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች ወተት እየገዙ፣ እያፈሉና እያቀዘቀዙ፣ እርጎ፣ ቅቤና አይብ እያደረጉ አዲስ አበባ ሊሸጡ ተነሥተዋል። መስከረም 2019 ዓ.ም. ቤት ተከራይተው መሣሪያ ይተክላሉ፤ ሽያጭ የሚጀምሩት ጥቅምት ላይ ነው። ከሽያጩ ግማሹ ሱቃቸው ላይ እጅ በእጅ የሚከፈል ነው። ሌላው ግማሽ ለካፌዎችና ለሱቆች በዱቤ ይሄዳል፤ ካፌዎቹ የወሰዱትን የሚከፍሉት በሚቀጥለው ወር ነው። ገበሬዎቹ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይከፈላቸዋል። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ አንድ ዙር የዘገየበት ገበሬ በማግሥቱ ጣሳውን ለሌላ ሰብሳቢ ያስረክባል።

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ። የወተት ገበያ ከጾም ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን «በጾም ሽያጭ ይቀንሳል» ብሎ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በየትኛው ወር ስንት ቀን እንደሚቀንስ ጽፎ ማስቀመጥ ሌላ። የነቢያት ጾም በ2019 ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው፤ የኅዳርን ሁለተኛ አጋማሽና ታኅሣሥን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይወስዳል። የፍልሰታ ጾምም ቋሚ ነው፤ የነሐሴ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቀናት። ዐቢይ ጾም ግን ይንቀሳቀሳል። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2019 ግን ሚያዝያ 24 ይውላል። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ በ2018 በጾም የተመታው የካቲት በ2019 ከሞላ ጎደል ሙሉ የሽያጭ ወር ሲሆን፣ በ2018 ከበዓሉ በኋላ ደርቶ የነበረው ሚያዝያ በ2019 ከአራት ሦስት እጁ ጾም ነው። የአምናውን የጎረቤት ወተት ቤት ደብተር ተውሶ የዘንድሮውን የሚተነብይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾምም ከፋሲካ ጋር ይጎተታል፤ ርዝመቱም አብሮ ይለዋወጣል። በ2018 አርባ አንድ ቀን የነበረው በ2019 ሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከሰኔ 14 እስከ ሐምሌ 4። ደንበኞቻችሁ በብዛት ሙስሊሞች ከሆኑ ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ እንደሚመጣ አስቡበት።

በዚህ መሠረት እኅትማማቾቹ ሽያጫቸውን እንዲህ ገመቱ፤ በሺህ ብር ልናገረው። ጥቅምት 400፣ ኅዳር 400፣ ታኅሣሥ 260። ከገና በኋላ ጥር 620፣ የካቲት 600። ከዚያ ሁዳዴ፦ መጋቢት 220፣ ሚያዝያ 380፤ የሚያዝያው ሻል ያለው ለፋሲካ በሚወጣው ቅቤና አይብ ምክንያት ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ግንቦት የዓመቱ ጫፍ ነው፤ 700። ሰኔ 560፣ ሐምሌ 600፣ ነሐሴ 560። ጳጉሜን የነሐሴ ዓምድ ውስጥ ከትተዋታል። ደመወዝና ኪራይ በእርሷ ምክንያት አይጨምሩም፤ ላሞቹ ግን በስድስቱም ቀን ይታለባሉ። 2019 ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት ነው።

ሽያጭ ሲቀንስ የወተት ግዥ በእኩል መጠን አይቀንስም። ላም አትጾምም። በጾም ወተቱን አልቀበልም የተባለ ገበሬ በፍስክ ቀን አይመለስም፤ ስለዚህ እኅትማማቾቹ ግዥውን ከፊል ብቻ ቀንሰው የተረፈውን ወደ ቅቤ ይለውጡታል። ቅቤው ይጠብቃል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ቅቤ ለገበሬ አይከፈልም። የወተት ክፍያቸው በጥቅምት 260፣ በኅዳር 280፣ በታኅሣሥ 240፣ በጥር 380፣ በየካቲት 370፣ በመጋቢት 230፣ በሚያዝያ 280፣ በግንቦት 430፣ በሰኔ 350፣ በሐምሌ 370፣ በነሐሴ 350 ሺህ ብር ነው። በዚህ ላይ ደመወዝ 70፣ መብራት፣ ትራንስፖርትና ማሸጊያ 40፣ በድምሩ በየወሩ 110 ሺህ አለ። የራሳቸው የእኅትማማቾቹ መተዳደሪያ ደመወዙ ውስጥ አለ፤ ይህን የሚረሳ ባለቤት በየሳምንቱ ከመሳቢያው እየወሰደ ትንበያውን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። ኪራዩ በወር 30 ሺህ ነው፤ አከራዩ ግን የሚቀበለው በየስድስት ወሩ ቅድሚያ 180 ሺህ ነው። ግብርን ለቀላልነት ስል ትቼዋለሁ፤ በእናንተ ወረቀት ላይ ግን በሚከፈልበት ወር መግባት አለበት።

ዓመቱን ሙሉ ስንደምር ሽያጩ 5 ሚሊዮን 300 ሺህ ነው። ወተት፣ ደመወዝ፣ ኪራይና የተቀረው ወጪ ተቀንሶ ከመስከረም መነሻ ወጪና ከወለድ በፊት ወደ 190 ሺህ ይተርፋል። በመጀመሪያ ዓመቱ ለሚገኝ ድርጅት መጥፎ አይደለም። ሒሳቡን እዚህ ላይ የዘጋ ሰው ተመስገን ብሎ ይተኛል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፤ ገንዘቡ መቼ እጅ ይገባል? እኅትማማቾቹ 700 ሺህ ብር የራሳቸው አላቸው። ባንኩ 800 ሺህ ፈቅዶላቸዋል፤ 500 ሺው ለመሣሪያ፣ 300 ሺው ለሥራ ማስኬጃ፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ማለትም በወር አንድ ተኩል። ለጊዜው ሁለተኛውን ገንዘብ እንዳልወሰዱ አድርገን እናስላ። መስከረም ላይ ለማፍያው፣ ለክሬም መለያውና ለማቀዝቀዣ ታንኩ 650፣ ለኪራይ 180፣ ለፈቃድ፣ ለመብራት ዝርጋታና ለመጀመሪያው ደመወዝ 120 ወጥቶ እጃቸው ላይ 250 ሺህ ቀረ። ጥቅምት ከሸጡት 400 የሚገባው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ወሩ በ72 ሺህ ተኩል ይዘጋል። ኅዳር 75፤ ታኅሣሥ 47 ተኩል። ጾሙን አለፉት ማለት ነው።

ጥር መጣ። ገበያው ደራ፤ 620 ሺህ ተሸጠ። በትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ጥር ወደ 92 ሺህ ያተረፉበት ወር ነው። በገንዘብ ፍሰት ወረቀቱ ላይ ግን ወሩ በ10 ሺህ ብር ጉድለት ይዘጋል። ምክንያቱን በዝግታ እንየው። ጥር ላይ የገባው ገንዘብ የጥር ሽያጭ ግማሽ፣ 310፣ እና ካፌዎቹ ታኅሣሥ ላይ የወሰዱት ዱቤ፣ 130 ነው። ታኅሣሥ የጾም ወር ስለነበር ዱቤውም የጾም ዱቤ ነው። የሚወጣው ግን የፍስክ ወጪ ነው፤ ገበሬው ለጥር ወተት ሙሉ ዋጋውን በአሥራ አምስት ቀኑ ይወስዳል። ማለትም በጾም ዱቤ የፍስክ ወተት እየገዙ ነው። የጾሙ ጉዳት መሳቢያው ላይ የሚታየው ጾሙ ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ደስ ባለው ወር ነው።

ሁለተኛው ዙር የባሰ ነው። የካቲት 112 ሺህ ተኩል አስቀምጦ ያልፋል። መጋቢት ላይ ሁዳዴና የሁለተኛው ስድስት ወር ኪራይ ተገጣጥመው ሚዛኑ ከዜሮ በታች 5 ሺህ ይሆናል። ሚያዝያ ከዜሮ በታች 102 ሺህ ተኩል። የዓመቱ ዝቅተኛ ነጥብ ግን የዓመቱ ከፍተኛ ሽያጭ ያለበት ግንቦት ነው፤ ከዜሮ በታች 110 ሺህ። ከዚያ ሰኔ ላይ የግንቦት ዱቤ ሲገባ ድርጅቱ ይተነፍሳል፤ ዓመቱንም በ257 ሺህ ተኩል ይዘጋል። ዓመታዊውን ውጤት ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ አላየም። በእውነቱ ግን ድርጅቱ ነሐሴን አያይም፤ ጥር ላይ አንድ የገበሬ ዙር ተዘልሎ፣ ወተቱ ወደ ሌላ ሰብሳቢ ሄዶ፣ ግንቦት የሚሸጠው አጥቶ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ክፍል ብድሩ ነው። ባንኩ 300 ሺውን የሚለቀው መሣሪያው መተከሉን መጥቶ ካየ በኋላ ነው፤ ከማመልከቻ እስከ መለቀቅ አራት ሳምንት ይፈጃል ብለን እንያዝ። ወለድ የሚታሰበው በተለቀቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ስለሆነ ታላቂቱ እኅት «ጥር ላይ ስንቸገር እንውሰድ» ትላለች። ሒሳቧ አይሳሳትም፤ ሦስት ወር ማቆየት 13 ሺህ 500 ብር ወለድ ያድናል። ነገር ግን ጥር ላይ ሲቸገሩ የተጻፈ ማመልከቻ ገንዘብ የሚያመጣው የካቲት ነው፤ የካቲት ደግሞ ራሱን የሚችል ወር ነው። ገንዘቡ ችግሩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። በዚያ ላይ መሳቢያው ባዶ የሆነ ተበዳሪ ከባንክ ጋር የሚያደርገው ንግግርና 250 ሺህ ይዞ የሚያደርገው ንግግር አንድ አይደለም። እኔ ብሆን ማመልከቻውን መስከረም ላይ አስገብቼ ጥቅምት ላይ እወስዳለሁ፤ 13 ሺህ 500ውን እንደ ዋስትና ዋጋ እቆጥረዋለሁ።

ጥቅምት ላይ ሲወሰድ ሚዛኑ ጥር ላይ 276 ሺህ ተኩል፣ የካቲት ላይ 394 ሺህ ተኩል ይሆናል። ያማረ ይመስላል። ግን የባንኩ ውል ላይ አንድ መስመር አለ፦ የእፎይታ ጊዜው ስድስት ወር ነው። እፎይታ ማለት ወለድ እየተከፈለ ዋናው ብድር የማይነካበት ጊዜ ነው። ስድስት ወር ከመስከረም ሲቆጠር የካቲት ላይ ያልቃል፤ በየወሩ 25 ሺህ የሚሆነው የዋናው ብድር ክፍያ የሚጀምረው መጋቢት፣ በሁዳዴና በኪራዩ መካከል ነው። ወለዱ በየወሩ በጥቂቱ እየቀነሰ መሄዱን ትተን ስናሰላው ሚያዝያ በ120 ሺህ፣ ግንቦት በ83 ሺህ አካባቢ ይዘጋሉ።

ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ጥያቄው ወደ አራተኛው ክፍል ያስገባናል፤ ወደ ገንዘቡ ወለል።

ብዙ ወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያው ዜሮ ነው፤ ሚዛኑ ቀይ ሲሆን ብቻ ሰው ይደነግጣል። ዜሮ ወለል አይደለም፤ ዜሮ ላይ የደረሰ ድርጅት ገበሬውን አስቀርቷል። ወለሉ የሚሰላው «ለአሥራ አምስት ቀን አንድ ካፌ እንኳ ባይከፍለኝ ማስተላለፍ የማልችለው ክፍያ የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። ለእኅትማማቾቹ ይህ አንድ የገበሬ ዙር ነው። የአሥራ አንዱ ወር የወተት ክፍያ በአማካይ 320 ሺህ ገደማ ስለሆነ ግማሹ ወደ 160 ይጠጋል፤ እነርሱ 150 ሺህን ወለል አደረጉ። ጸጉር ቤት ወይም ልብስ ስፌት ቢሆን ኖሮ ወለሉ ምናልባት የአንድ ወር ደመወዝና ኪራይ ይሆን ነበር። ከሌላ ሰው ወረቀት የተገለበጠ ወለል አይሠራም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ማስጠንቀቂያ መጮኽ ያለበት ሚዛኑ ከወለሉ በታች በሚወርድበት ወር ሳይሆን፣ መድኃኒቱ ለመድረስ የሚፈጀውን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ባንክ አራት ሳምንት ከፈለገ፣ አከራይን ማነጋገርም ያን ያህል ከወሰደ፣ ወረቀቱ ዛሬን ሳይሆን የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ማየት አለበት። በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ የወር መዝጊያ ሚዛኖቹ 30ኛው ረድፍ ላይ፣ ወለሉ ደግሞ B2 ላይ ይሁኑ እንበል፤ በC ዓምድ ላለው ወር እንዲህ ተጽፎ ወደ ቀኝ ይገለበጣል፦

```
=IF(MIN(C30:E30)<$B$2,"ማስጠንቀቂያ","ደህና")
```

በዚህ መልክ ሲሠራ የእኅትማማቾቹ ወረቀት የካቲት ላይ ይጮኻል፤ 394 ሺህ ተኩል ተቀምጦ ሳለ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙም ፈተናውም እዚህ ነው። ታናሺቱ እኅት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ዋጋ እየጠየቀች ባለችበት ወር ወረቀቱ «ተጠንቀቂ» ሲላት ማመን ያስቸግራል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ተጨማሪ ብድር አይደለም። ትንበያው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስለተሠራ እኅትማማቾቹ ባንኩ ዘንድ ሄደው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ እፎይታው ከስድስት ወር ይልቅ ዘጠኝ ወር ይሁንና የዋናው ብድር ክፍያ ሰኔ ላይ ይጀመር። ሦስት ክፍያ ወደ ኋላ ይተላለፋል፤ 75 ሺህ ብር። መጋቢት 272 ተኩል፣ ሚያዝያ 170 ተኩል፣ ግንቦት 158 ተኩል። ሁሉም ከወለሉ በላይ ናቸው። ባንኩ የሚያጣው የለም፤ ወለዱ በእነዚያ ወራትም ይከፈለዋል። የብድር ባለሙያውም ከባዶ ልመና ይልቅ ይህን ወረቀት ቢያይ ይሻለዋል። ባንኩ እምቢ ካለ አከራዩን በየሦስት ወሩ እንዲቀበል መጠየቅ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ የኪራዩ ግማሽ ከመጋቢት ተነሥቶ ሰኔ ላይ ስለሚውል ግንቦትን በ90 ሺህ ያቀለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ። ግንቦት በ158 ሺህ ተኩል ተዘጋ ማለት ወሩን ሙሉ 158 ነበር ማለት አይደለም። ካፌዎቹ በወሩ መጀመሪያ ሳይሆን በሃያው ቀን ቢከፍሉስ? ግንቦት 15 ላይ ከሚያዝያ የተረፈው 170 ተኩልና የግማሽ ወር የሱቅ ሽያጭ 175 አለ፤ የገበሬው ዙር 215 ይወጣል። የሚቀረው 130 ተኩል ነው፤ ከወለሉ በታች። ስለዚህ ወደ ወለሉ የሚጠጉትን ወራት፣ እነርሱን ብቻ፣ በሳምንት ከፋፍላችሁ አስሉ። አሥራ ሁለቱንም ወር በሳምንት መከፋፈል ግን ድካም ብቻ ነው፤ ማንም አይቀጥልበትም።

ሌላው ማሳሰቢያ፦ ከሽያጩ ይልቅ የመክፈያውን ቀን ፈትኑት። ሰው ሁሉ «ሽያጩ በአሥር በመቶ ቢቀንስስ?» ብሎ ይጠይቃል። በጎ ጥያቄ ነው፤ ሽያጩ ሲቀንስ ግን ወተቱም በከፊል አብሮ ይቀንሳል። ዱቤ ሲዘገይ አንድም ወጪ አይቀንስም። ካፌዎቹ ከሚያዝያ ዱቤ ግማሹን ወደ ሰኔ ቢያስተላልፉት ግንቦት በ95 ሺህ ይጎድልና በ63 ሺህ ተኩል ይዘጋል። ሽያጩ አልተነካም፤ ከአንድም ካፌ ጋር አልተጣሉም። ይህን ያየች እኅት ሚያዝያ ላይ ትልልቆቹን ካፌዎች በየሳምንቱ እንዲከፍሉ ለማግባባት ጥቂት ቅናሽ ብትሰጥ ይገባኛል።

ወረቀቱ ተሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ በየወሩ መጨረሻ ሁለት ሥራ አለው። የተገመተው ተሰርዞ የሆነው ይጻፋል፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ አዲስ ወር ይጨመራል። እኅትማማቾቹ እፎይታውን ካገኙ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጃቸው 438 ሺህ አካባቢ ይሆናል። ከወለሉ በላይ 288 ሺህ አለን፤ ሁለተኛውን ማቀዝቀዣ እንግዛ ይላሉ። አሥራ ሦስተኛው ዓምድ፣ መስከረም 2020፣ ሲጨመር ግን የመጀመሪያው መስመር ኪራይ 180 ነው፤ የቀረው 108 ሺህ ብቻ ነው። ዓምዶቹ እየተጨመሩ ሲሄዱ ደግሞ በ2020 ፋሲካ ሚያዝያ 8 እንደሚውል፣ ሁዳዴም የካቲት 13 እንደሚገባ ያያሉ። የዓመቱ ዝቅተኛ ነጥብ ከግንቦት ወደ ሚያዝያ ይቀድማል፤ የማቀዝቀዣው ግዥም ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ የሚሆንበትን ወር መምረጥ የሚቻለው ያ ዓምድ ከተሞላ በኋላ ነው።